ፕሮቶኑ መቼ ይወጣል? አሚኖ አሲድን በየፒኤቹ መሳልና አይሶኤሌክትሪክ ነጥቡን ማግኘት

እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ የተለመደ የፈተና ጥያቄ ነው። አንድ አሚኖ አሲድ ይሰጠናል፣ የሶሉሽኑ ፒኤች ይነገረናል፣ ከዚያ «በዚህ ፒኤች በብዛት የሚገኘውን መልክ ከነቻርጁ ሳሉ፤ አይሶኤሌክትሪክ ነጥቡንም ፈልጉ» እንባላለን። ጥያቄው አጭር ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው ቀመሩን ሸምድዶ ገብቶ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ቀመሩ የትኞቹን ቁጥሮች እንደምንመርጥ አይነግረንም። የሚነግረን ስዕሉ ነው። ስለዚህ ከስዕሉ እንነሳ።

አብዛኞቻችን ግላይሲንን መጀመሪያ የተዋወቅነው እንዲህ ተስሎ ነው፦

```
H₂N–CH₂–COOH
```

ይህ ስዕል አቶሞቹን ለመቁጠር ይበቃል። ውሃ ውስጥ ግን ፒኤቹን ወደፈለጋችሁት ብትወስዱት፣ ግላይሲን በብዛት ይህን መልክ ይዞ አይገኝም። ለምን እንደሆነ ሁለት ቁጥሮች ይነግሩናል። የካርቦክሲሉ ፒኬኤ 2.34፣ የአሚኖው ደግሞ 9.60 ነው። ፒኬኤ ማለት ቡድኑ ግማሹ ፕሮቶኑን ይዞ፣ ግማሹ ለቅቆ የሚገኝበት ፒኤች ነው። ከዚያ በታች ፕሮቶኑን የያዘው ይበዛል፣ ከዚያ በላይ የለቀቀው ይበዛል፤ በአንድ የፒኤች አሃድ በራቅን ቁጥር የብልጫው ልክ አሥር እጥፍ ይሆናል።

እንግዲህ ከላይ ያለው ስዕል እውነት እንዲሆን ካርቦክሲሉ ፕሮቶኑን መያዝ፣ አሚኖው ደግሞ ፕሮቶኑን መልቀቅ አለበት። ካርቦክሲሉ እንዲይዝ ፒኤቹ ከ2.34 በታች መውረድ ይኖርበታል። አሚኖው እንዲለቅ ደግሞ ከ9.60 በላይ መውጣት ይኖርበታል። ሁለቱ ባንድ ላይ አይሆኑም። በመካከል ባለው ሰፊ ክልል የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው፦ ካርቦክሲሉ ለቅቋል፣ አሚኖው ይዟል። በአንድ ሞለኪውል ላይ ፖዘቲቭም ኔጌቲቭም አለ፤ ድምሩ ዜሮ ነው። ይህንን ዝዊተራዮን እንለዋለን።

```
H₃N⁺–CH₂–COO⁻
```

የዴንማርኩ ኬሚስት ኒልስ ብየሩም አሚኖ አሲዶች በውሃ ውስጥ በአብዛኛው በዚህ መልክ እንደሚገኙ ያሳየው በ1923 ነው። ብልጫው ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት የሚያስችል፣ እኔ በጣም የምወደው ዘዴ አለ። የግላይሲንን ካርቦክሲል ወደ ኤስተር ብንቀይረው ከዚያ ወገን የሚወጣ ፕሮቶን አይኖርም፤ የሚቀረው የአሚኖው ፕሮቶን ብቻ ነው። የዚህ ኤስተር ፒኬኤ 7.7 አካባቢ ነው። ስለዚህ ፖዘቲቭ ከሆነው የግላይሲን መልክ ተነስተን ፕሮቶኑ ከአሚኖው እንዲወጣ ብንፈልግ ፒኬኤው 7.7 ያህል ነው፤ ከካርቦክሲሉ ሲወጣ ግን 2.34 ነው። ልዩነቱ 5.4 ገደማ ሲሆን፣ አሥርን ወደ 5.4 ከፍ ስናደርገው 250,000 አካባቢ እናገኛለን። አንድ ቻርጅ አልባ የግላይሲን ሞለኪውል ባለበት ሩብ ሚሊዮን ያህል ዝዊተራዮን አለ ማለት ነው። ደረቁ ዱቄትም ይህንኑ ይመሰክራል። አሴቲክ አሲድ በ16.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀልጥ፣ ግላይሲን ግን እስከ 233 ዲግሪ አካባቢ ጠንክሮ ይቆይና ያን ጊዜም ከመቅለጥ ይልቅ ይበላሻል። በክሪስታሉ ውስጥ እንደ ጨው በፖዘቲቭና በኔጌቲቭ ስበት የተያያዘ ነገር ስለሆነ ነው።

ስለዚህ ሁለቱም ቡድኖች ቻርጅ የሌላቸውን ስዕል ለመልስነት አትጠቀሙበት። ይህ አንዱ ነገር ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። የማቀርብላችሁ መንገድ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ይጀምራል፦ በጣም ዝቅተኛ ከሆነ ፒኤች። እዚያ ፕሮቶን ተትረፍርፏል፤ ፕሮቶን መያዝ የሚችል ቡድን ሁሉ ይዟል። ካርቦክሲሉ COOH ነው፣ ቻርጁ ዜሮ። አሚኖው NH₃⁺ ነው፣ ቻርጁ +1። ከዚያ ፒኤቹን ቀስ በቀስ ከፍ እናደርጋለን፤ ፕሮቶኖቹም በፒኬኤያቸው ቅደም ተከተል፣ ከትንሹ ጀምረው አንድ በአንድ ይወጣሉ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገራችሁ። ፕሮቶን ከ COOH ሲወጣ ቡድኑ ከዜሮ ወደ −1 ይሄዳል። ከ NH₃⁺ ሲወጣ ቡድኑ ከ+1 ወደ ዜሮ ይሄዳል። ቡድኖቹ የተለያዩ ቢሆኑም የሞለኪውሉ ድምር በሁለቱም ጊዜ በአንድ ይቀንሳል። የሚወጣው ያው አንድ ፖዘቲቭ ቻርጅ ነውና። ስለዚህ መነሻውን ድምር በትክክል ካወቃችሁ፣ የቀረው ወደ ታች መቁጠር ብቻ ነው። ለግላይሲን +1፣ ከዚያ 0፣ ከዚያ −1። በሁለት መልኮች መካከል ድምሩ በሁለት ከዘለለባችሁ፣ ወይም ባለበት ከቆመባችሁ፣ ስዕላችሁ ላይ አንድ ፕሮቶን ጠፍቷል።

አይሶኤሌክትሪክ ነጥብ ወይም ፒአይ የምንለው የሞለኪውሎቹ አማካይ ቻርጅ ልክ ዜሮ የሚሆንበት ፒኤች ነው። «አማካይ» የሚለውን ቃል አትዝለሉት፤ በኋላ እንመለስበታለን። ለግላይሲን አማካዩ ዜሮ የሚሆነው የ+1 እና የ−1 ሞለኪውሎች ብዛት እኩል ሲሆን ነው። የሁለቱን ደረጃዎች ሚዛን ብናባዛቸው የመካከለኛው መልክ ይጣፋና ይህ ይቀራል፦

```
K₁ × K₂ = [H⁺]² × [A⁻] / [H₂A⁺]
[A⁻] = [H₂A⁺]  →  [H⁺]² = K₁ × K₂
pI = (pK₁ + pK₂) / 2 = (2.34 + 9.60) / 2 = 5.97
```

የዝነኛው ቀመር አመጣጥ ይኸው ነው። K₁ እና K₂ የመጀመሪያውና የሁለተኛው ናቸው ብሎ ማለፍ ግን በቂ አይደለም። ዜሮ ድምር ያለውን መልክ ከሁለት ወገን የሚያዋስኑት ደረጃዎች ናቸው፦ አንዱ ወደ እሱ የሚያስገባው፣ ሌላው ከእሱ የሚያስወጣው። በግላይሲን ያሉት ደረጃዎች ሁለት ብቻ ስለሆኑ ምርጫ የለም። ሦስተኛ ቡድን ሲመጣ ግን መምረጥ ግድ ይሆናል።

አስፓርቲክ አሲድን እንውሰድ። በጎን ሰንሰለቱ ላይ ሁለተኛ ካርቦክሲል አለው። ፒኬኤዎቹ 1.88፣ 3.65 እና 9.60 ናቸው። የመጀመሪያው የአልፋ ካርቦክሲሉ፣ ማለትም ከአሚኖው ጋር አንድ ካርበን የሚጋራው ነው፤ 3.65 የጎኑ ካርቦክሲል ነው፤ 9.60 የአሚኖው ነው።

ሁለቱም ካርቦክሲል ሆነው ሳለ ቁጥራቸው ለምን ይህን ያህል ይራራቃል? አጠገባቸው ባለው NH₃⁺ ምክንያት ነው። ይህ ፖዘቲቭ ቡድን ኤሌክትሮኖችን ወደ ራሱ ይስባል፣ ፕሮቶኑ ሲወጣ የሚቀረውንም ኔጌቲቭ ቻርጅ ያረጋጋል፤ ስለዚህ ፕሮቶኑ በቀላሉ ይወጣል። ርቀቱ ሲጨምር ተጽዕኖው ይዳከማል። ቁጥሮቹን በተራ ተመልከቷቸው፦ የአልፋው ካርቦክሲል 1.88፤ አንድ ካርበን የራቀው የአስፓርቲክ አሲድ ጎን 3.65፤ ሌላ አንድ ካርበን የጨመረው የግሉታሚክ አሲድ ጎን 4.25፤ አጠገቡ ምንም ፖዘቲቭ የሌለው አሴቲክ አሲድ 4.76። ይህን ቅደም ተከተል የያዘ ሰው ሰንጠረዥ ባይኖረው እንኳ የትኛው ፕሮቶን ቀድሞ እንደሚወጣ አይጠፋውም።

አሁን ከታች እንነሳ። በፒኤች 0 አካባቢ ሦስቱም ቡድኖች ፕሮቶናቸውን ይዘዋል፤ ሁለቱ ካርቦክሲሎች ዜሮ፣ አሚኖው +1፤ ድምሩ +1። ከዚያ በተራ፦

```
HOOC–CH₂–CH(NH₃⁺)–COOH     +1
          (1.88)
HOOC–CH₂–CH(NH₃⁺)–COO⁻      0
          (3.65)
⁻OOC–CH₂–CH(NH₃⁺)–COO⁻     −1
          (9.60)
⁻OOC–CH₂–CH(NH₂)–COO⁻      −2
```

ይህን መሰላል አንዴ ከሳላችሁ በኋላ የትኛውም ፒኤች ቢሰጣችሁ መልሱ መሰላሉ ላይ አለ። ፒኤች 7 ከተባላችሁ፣ 7 የሚገኘው በ3.65 እና በ9.60 መካከል ስለሆነ ሦስተኛውን መልክ ትስላላችሁ፤ ድምሩ −1 ነው። ፒኤች 1 ከሆነ የላይኛውን። ፒኤች 12 ከሆነ የታችኛውን።

ፒአዩም እዚያው ላይ ይነበባል። ዜሮው ሁለተኛው መስመር ላይ ነው። ከላዩ 1.88፣ ከሥሩ 3.65 አለ። አማካያቸው 2.77 ነው። 9.60 ከዜሮው መልክ ጋር ወሰን ስለማይጋራ ወደ ሂሳቡ አይገባም።

እዚህ ላይ ሁለት የተለመዱ ስህተቶች አሉ። አንዱ ሦስቱንም ደምሮ ለሦስት ማካፈል ነው፤ ውጤቱ 5.04 ይመጣል። ሌላው ከግላይሲን በተለመደው መንገድ የአልፋ ካርቦክሲሉንና የአሚኖውን ብቻ መውሰድ ነው፤ ውጤቱ 5.74 ይሆናል። ሁለቱም ስህተት መሆናቸውን ለማወቅ መልስ ገልጦ ማየት አያስፈልግም። ያገኛችሁትን ፒኤች መልሳችሁ አስገቡና ቻርጁን ቁጠሩ። በ5.04 የአልፋ ካርቦክሲሉ ሙሉ በሙሉ ለቅቋል፣ −1 ነው። የጎኑ ካርቦክሲል ከራሱ ፒኬኤ 1.39 ከፍ ብሎ ስለሚገኝ 96 በመቶው ለቅቋል፣ −0.96። አሚኖው +1። ድምሩ −0.96 ገደማ ነው፤ ዜሮ ከመሆን በጣም ይርቃል።

በትክክለኛው መልስ ደግሞ ይህንኑ ፈተና እናድርግ። ሳናጠጋጋ ቁጥሩ 2.765 ነው። የአልፋ ካርቦክሲሉ 88.5 በመቶ ለቅቋል፣ የጎኑ 11.5 በመቶ ለቅቋል። ሲደመሩ −1.00 ይሆናሉ። አሚኖው +1.00 ነው። ድምሩ ዜሮ። ይህ ማረጋገጫ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ፈተና ላይ ከማንኛውም የሸመደዳችሁት ሕግ ይልቅ እሱን እመኑ።

«አማካይ» ወዳልኩት ቃል እንመለስ። በ2.765 ሁሉም የአስፓርቲክ አሲድ ሞለኪውሎች ዜሮ ቻርጅ አላቸው ማለት አይደለም። ብንቆጥራቸው 79 በመቶ ያህሉ በዜሮው መልክ፣ 10 በመቶ ገደማ በ+1፣ ሌላ 10 በመቶ ገደማ በ−1 ይገኛሉ። የሁለቱ ጎን ክብደት ስለሚመጣጠን ድምሩ ዜሮ ሆነ። ሁለቱ ፒኬኤዎች ሲቀራረቡ የዜሮው መልክ ክልል ይጠብባል፤ ሲራራቁ ይሰፋል። በግላይሲን ሰፊ ነው፦ ከፒኤች 4.5 እስከ 7.5 ብትሄዱ አማካይ ቻርጁ 0.01 እንኳ አይሞላም። ስለዚህ «ግላይሲንን በፒኤች 7 ሳሉ» ስትባሉ፣ 7 ከ5.97 ይበልጣል ብላችሁ የ−1ን መልክ እንዳትስሉ። በፒኤች 7 ያ መልክ ከ400 ሞለኪውሎች የአንዱ ያህል ነው። አስፓርቲክ አሲድ ግን ከፒአዩ አንድ አሃድ ብቻ ከፍ ሲል አማካዩ ወደ −0.56 ይወርዳል።

ላይሲን ላይ መነሻው ራሱ ይለወጣል። ፒኬኤዎቹ 2.18 ለካርቦክሲሉ፣ 8.95 ለአልፋ አሚኖው፣ 10.53 ለጎኑ አሚኖ ናቸው። በዝቅተኛ ፒኤች ሁለት NH₃⁺ ስላሉት ድምሩ ከ+2 ይጀምራል፦

```
H₃N⁺–(CH₂)₄–CH(NH₃⁺)–COOH   +2
          (2.18)
H₃N⁺–(CH₂)₄–CH(NH₃⁺)–COO⁻   +1
          (8.95)
H₃N⁺–(CH₂)₄–CH(NH₂)–COO⁻     0
          (10.53)
H₂N–(CH₂)₄–CH(NH₂)–COO⁻     −1
```

ዜሮው ወደ ታች ወርዷል። የሚያዋስኑት 8.95 እና 10.53 ናቸው፤ ፒአይ 9.74። አንዳንድ ሰው ይህን «ለአሲዳማዎቹ ሁለቱን ትናንሽ፣ ለቤዛማዎቹ ሁለቱን ትላልቅ ውሰድ» ብሎ ይይዘዋል። ሕጉ ልክ ነው፤ ታይሮሲን ሲመጣ ግን ብዙዎች አሲዳማ ነው ወይስ ቤዛማ ብለው ይቆማሉ። የታይሮሲን ጎን የሚለቀው ፕሮቶን የ OH ነው፤ ፕሮቶኑን ሲይዝ ዜሮ፣ ሲለቅ −1 ነው። ስለዚህ ከ+1 ይጀምራል፣ በ2.20 ዜሮ ይገባል፣ በ9.11 ከዜሮ ይወጣል፤ ፒአዩ 5.66 ነው። መሰላሉን የሳለ ሰው ስሙን መመደብ አላስፈለገውም።

በላይሲን ስዕል ላይ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። 8.95 እና 10.53 የሚራራቁት 1.6 ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ዜሮ ድምር ካላቸው ሞለኪውሎች ጥቂቶቹ ፕሮቶኑን የለቀቁት ከጎኑ አሚኖ ነው፤ አልፋው ይዞ ቀርቷል። የምንስለው የሚበዛውን ነው። ፒአዩን ግን ይህ አይለውጠውም፤ ሂሳቡ የሚያየው ስንት ፕሮቶን እንደወጣ እንጂ ከየት እንደወጣ አይደለም።

ንግግሩ ሊያልቅ ሲል ከተሰብሳቢው የተነሳ ጥያቄ ነበር፦ «ሂስቲዲን በፒኤች 7 እንዴት ይሳላል? አንዱ መጽሐፍ ቀለበቱን በፖዘቲቭ፣ ሌላው ያለ ቻርጅ ይስለዋል።» ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱም በቁጥር ይሰጣል። የሂስቲዲን ፒኬኤዎች 1.82፣ 6.00 እና 9.17 ሲሆኑ፣ መካከለኛው የኢሚዳዞል ቀለበቱ ነው። በፒኤች 7 ከ6.00 አንድ አሃድ ከፍ ብለናል፤ ስለዚህ ፕሮቶኑን የለቀቀው ቀለበት ከያዘው አሥር እጥፍ ይበዛል። ከአሥራ አንዱ አንዱ፣ ማለትም 9 በመቶው ብቻ ፖዘቲቭ ነው። አንድ ስዕል ብቻ ከተጠየቃችሁ ያለ ቻርጅ ሳሉት። በፒኤች 5 ቢሆን ፖዘቲቩን ትስላላችሁ። በፒኤች 6 ልክ ግማሽ በግማሽ ስለሚሆን ሁለቱንም መሳል ነው ትክክሉ። ፕሮቶኑን የሚቀበለው ደግሞ H የሌለው የቀለበቱ ናይትሮጂን ነው፤ ሌላው ናይትሮጂን ትርፍ ኤሌክትሮኖቹን ለቀለበቱ ሰጥቷል። ፒአዩ ከ6.00 እና ከ9.17 ይሰላል፤ 7.59 ይሆናል።

ሌላ ተሳታፊ ደግሞ እነዚህን ቁጥሮች ወደ ፕሮቲን ወስደን መጠቀም እንችል እንደሆነ ጠየቀ። በቀጥታ አንችልም። አሚኖ አሲዶች በሰንሰለት ሲያያዙ በመካከል ያሉት የአልፋ አሚኖና የአልፋ ካርቦክሲል ቡድኖች የፔፕታይድ ቦንድ ይሆናሉ፤ ፕሮቶን መስጠትም መቀበልም ያቆማሉ። የሚቀሩት የሁለቱ ጫፎችና የጎን ሰንሰለቶቹ ናቸው፤ የእነሱም ፒኬኤ እንደ ጎረቤታቸው ከፍና ዝቅ ይላል። ለነጻ አሚኖ አሲድ እንኳ ቢሆን የተለያዩ ሰንጠረዦች በመቶኛ፣ አንዳንዴም በአሥረኛ ቤት የተለያዩ ቁጥሮች ይሰጣሉ፤ ሙቀቱና በሶሉሽኑ ያለው የጨው መጠን ይለውጣቸዋልና። ስለዚህ ሂሳብ ስትሠሩ የተሰጣችሁን ሰንጠረዥ ብቻ ተጠቀሙ፤ ከሁለት ቦታ አትቀላቅሉ።

ያሰላነውን በዓይን ማየት የሚፈልግ ሰው በወረቀት ኤሌክትሮፎሬሲስ ሊያየው ይችላል። አስፓርቲክ አሲድ፣ ግላይሲንና ላይሲን ተቀላቅለው ፒኤች 6 በሆነ በፈር በራሰ ወረቀት መሃል ላይ ይነጠባሉ፤ ከዚያ ኤሌክትሪክ ይለቀቃል። በ6 አስፓርቲክ አሲድ −1 ስለሆነ ወደ ፖዘቲቩ ኤሌክትሮድ ይሄዳል። ላይሲን +1 ስለሆነ ወደ ኔጌቲቩ ይሄዳል። ግላይሲን ፒአዩ 5.97 ስለሆነ ባለበት ይቀራል። ወረቀቱ ደርቆ ኒንሃይድሪን ተረጭቶበት ሲሞቅ ሐምራዊ ነጠብጣቦች ይወጣሉ። ግላይሲን ከተነጠበበት ቦታ በመጠኑ ወደ ኔጌቲቩ ወገን ተንሸራቶ ብታገኙት ሂሳባችሁን ከመጠራጠራችሁ በፊት ወረቀቱን አስቡ። እርጥብ ወረቀት ራሱ ትንሽ ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላለው በውስጡ ያለው ውሃ ወደ ኔጌቲቩ ኤሌክትሮድ ይፈስሳል፤ ቻርጅ የሌለውንም ነገር ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ቻርጅ የሌለው አንድ ነገር አብራችሁ አስሂዱና የእያንዳንዱን ጉዞ እሱ ከደረሰበት ቦታ ተነስታችሁ ለኩ።